ሸለቆ ሽቅብ፣ ተረተር ታች፦ የእንጦጦን ዳገት ከካርታ ላይ ማንበብ

ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ የምንወጣ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ቦርሳዬ ውስጥ ካርታ አይጠፋም። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ታዲያ ካርታውን ዘርግተን ስናይ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። አንደኛው «ይሄ የታጠፈው መስመር ተረተር ነው ወይስ ሸለቆ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዳገቱ ምን ያህል ይከብዳል?» የሚል ነው። መልሱን በቃል ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ። አሁን ደግሞ እቤታችሁ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ እንድትከተሉት በጽሑፍ አስቀመጥኩት።

ምሳሌዬ ሁሉ የእንጦጦ ተራራ ነው። በከተማው በኩል ያለውን ፊቱንና በሱሉልታ በኩል ያለውን ጀርባውን ጎን ለጎን እናያለን። ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ምክንያቱን 4ኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 1፡50,000 የሆነ የመልክዓ ምድር ካርታ። ድሮ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ እንለው የነበረው፣ አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ክፍል ያዘጋጃቸዋል። ፎቶ ኮፒም ይሆናል፤ ግን 1ኛውን ደረጃ እንዳትዘሉ።
- ሚሊሜትሩ በግልጽ የሚነበብ ማስመሪያ። ጫፉ የተበላ አይሁን።
- ሰማያዊና ቀይ እርሳስ፣ ላጲስም ጭምር።
- ጠርዙ ቀጥ ያለ ቁራጭ ወረቀት። የደብተር ወረቀት በቂ ነው።
- 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የስፌት ክር።
- ስልካችሁ፣ ለካልኩሌተሩ።
- አጉሊ መነጽር ካለ ጥሩ ነው። በዳገታማ ቦታ መስመሮቹ ስለሚጠጋጉ ዓይን ይደክማል።

1. የካርታውን ስኬል በማስመሪያ አረጋግጡ

ካርታው ላይ ቀጥ ያሉ የቁምና የአግድም መስመሮች አሉ። ካርታውን በካሬ በካሬ ይከፋፍሉታል። የእያንዳንዱ ካሬ አንድ ጎን መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ ይህ ጎን በትክክል 2 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ማስመሪያውን አስቀምጡና ለኩት። አንድ ካሬ ብቻ ከምትለኩ አምስቱን በአንድ ላይ ለክታችሁ 10 ሴንቲ ሜትር መሙላቱን ብታዩ ስህተቱ ይቀንሳል።

ለምን አስፈለገ? ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱ እንዲበቃ ብለው ያሳንሱታል። ስልክ ላይ ተልኮ የታተመ ካርታም እንደዚያው ነው። ጥጉ ላይ 1፡50,000 ተብሎ ተጽፎ ይቀራል፤ ካርታው ግን 1፡50,000 መሆኑን ትቷል። ለምሳሌ አምስቱ ካሬ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ አንዱ ካሬ 1.6 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ያኔ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው 500 ሜትር ሳይሆን 625 ሜትር ነው። ይህን ሳያውቅ የሚለካ ሰው ርቀቱን ያሳጥራል፤ ዳገቱንም ከእውነቱ በላይ ቀጥ ያለ ያደርገዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ካሬው 2 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ካርታ ናቸው። ያኔ 1 ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው። ይህቺን ቁጥር ያዟት።

2. በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት እወቁ

ቡናማዎቹ መስመሮች ኮንቱር ይባላሉ። አንድ ኮንቱር ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛል። በመስመሩ ላይ ብቻ ብትሄዱ አትወጡም አትወርዱም። ተራራውን በወገቡ ትዞሩታላችሁ እንጂ።

አሁን ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ስትሻገሩ ስንት ሜትር እንደምትወጡ ማወቅ አለባችሁ። ከካርታው ግርጌ ከስኬሉ አጠገብ ተጽፏል። በእኛ 1፡50,000 ካርታዎች ላይ ብዙ ጊዜ 20 ሜትር ነው። ብዙ ጊዜ አልኩ፤ ስለዚህ የራሳችሁን ካርታ ግርጌ አንብቡ።

ግርጌው ተቆርጦ ከሆነ ራሳችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ወፈር ብለው የተሳሉና ቁጥር የተጻፈባቸው መስመሮች አሉ። ተከታታይ የሆኑ ሁለት ወፍራሞችን ፈልጉ፤ 2700 እና 2800 እንበል። በመካከላቸው ስንት *ክፍተት* እንዳለ ቁጠሩ። አምስት ከሆነ 100 ለ5 ሲካፈል 20 ሜትር ነው።

ክፍተት የሚለውን ያዘመምኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው የሚቆጥረው ቀጫጭኖቹን መስመሮች ነው። እነሱ አራት ናቸው። 100 ለ4 አካፍሎ 25 ሜትር ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስሌት ሁሉ አብሮት ይበላሻል። የደረጃ መወጣጫን አስቡ። የምትወጡት በአንዱና በሌላው ደረጃ መካከል ያለውን ቁመት ነው።

3. ሽቅቡ በየት በኩል እንደሆነ ለዩ

ማንኛውንም የታጠፈ መስመር ከመተርጎማችሁ በፊት መጀመሪያ የከፍታው አቅጣጫ ይታወቅ። ሁለት ወፍራም መስመሮችን ቁጥራቸውን አንብቡ። ትልቁ ቁጥር ያለበት ወገን ሽቅብ ነው። ከትንሹ ወደ ትልቁ በእርሳስ ትንሽ ቀስት ሳሉ። ይቺን ቀስት መሳል አሰልቺ ትመስላለች። ግን ቀጥሎ ያለውን ደረጃ የሚያድነው እሷ ናት።

ቁጥሮቹ ራሳቸውም ብዙ ጊዜ ፍንጭ ይሰጣሉ። አናታቸው ወደ ዳገቱ፣ እግራቸው ወደ ቁልቁለቱ እንዲሆን ተደርገው ይጻፋሉ። ይህን እንደ ማረጋገጫ ያዙት፤ ብቸኛ ማስረጃ ግን አታድርጉት።

4. ሸለቆንና ተረተርን ለዩ

ኮንቱሮቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም። እየታጠፉ ሹል ያወጣሉ። አንዱ ሲታጠፍ ከላይና ከታቹ ያሉትም አብረው ይታጠፋሉ፤ ሹሎቹ በሰልፍ ይደረደራሉ። ጥያቄው ሰልፉ ሸለቆ ነው ወይስ ተረተር የሚለው ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ሹሉ ወደ ትልቁ ቁጥር ከቀሰረ ሸለቆ ነው። ወደ ትንሹ ቁጥር ከቀሰረ ተረተር ነው። እኔ የማስታውሰው በፊደሉ ነው፦ ሸለቆ ሽቅብ፣ ተረተር ታች።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ከገባችሁ አትረሱትም። በወገቡ ላይ እኩል ከፍታ እየጠበቃችሁ ተራራውን ስትዞሩ መንገዳችሁ ላይ ወንዝ መጣ እንበል። ቀጥ ብላችሁ ብትሻገሩ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ከፍታችሁን ሳትለቁ ለመሻገር ወንዙን እየተከተላችሁ ወደ ላይ መግባት፣ የወንዙ ወለል ከእናንተ ከፍታ ጋር እኩል የሚሆንበት ቦታ መድረስ፣ እዚያ ተሻግራችሁ በሌላው ዳር መመለስ አለባችሁ። ያ ወደ ላይ ገብቶ መመለስ ነው ሹሉ። ተረተር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ተረተሩ ከተራራው ወጣ ያለ ክንድ ነውና እሱን ለመዞር ወደ ውጭ፣ ወደ ዝቅታው በኩል ትወጣላችሁ።

አሁን እንጦጦን ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ።

ካርታው ላይ ሰሜን ከወረቀቱ አናት ነው። ከሽሮ ሜዳ በኩል፣ ከከተማው ወደ ተራራው ስናይ ሽቅቡም ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ በከተማው ፊት ላይ «ወደ ዳገቱ» እና «ወደ ወረቀቱ አናት» አንድ ናቸው። የሸለቆዎቹ ሹል ሁሉ ወደ ወረቀቱ አናት ያያል። ሰው ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ ሳያውቀው ሌላ ደንብ ይይዛል። «ሹሉ ወደ ወረቀቱ አናት ካየ ሸለቆ ነው» ይላል። በከተማው ፊት ላይ እስካለ ድረስ ይህ የተሳሳተ ደንብ ትክክለኛ መልስ ይሰጠዋል።

ተራራውን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሲወርድ ነው ችግሩ። እዚያ ሽቅቡ ወደ ደቡብ፣ ማለትም ወደ ወረቀቱ ግርጌ ሆኗል። የሸለቆው ሹል ወደ ግርጌ ያያል፤ የተረተሩ ሹል ወደ አናት ያያል። ሁሉም ተገልብጧል።

ይህን የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ አምስት ሆነን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ካርታውን አየሁና «በዚህ ተረተር እንውረድ፣ ሜዳው ድረስ ያደርሰናል» አልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ግራና ቀኙ ከፍ ከፍ እያለ መጣ። ተረተር ላይ ብንሆን ግራና ቀኙ ዝቅ ማለት ነበረበት። ልብ ሳልል ቀጠልኩ። ከእግራችን ሥር ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል እየረጠበ ሄደ። ከዚያ የውኃ ድምፅ ሰማን። ወዲያው ፊት ለፊታችን ሁለት ሰው ቁመት የሚሆን ዝላይ መጣ፤ ውኃው በላዩ ላይ ይወርዳል። የመጣነውን ሁሉ ተመልሰን ወጣን። ወደ ሁለት ሰዓት ግድም ባከነብን፤ አንዷ ጓደኛችንም ጉልበቷን አመማት። ካርታው አልተሳሳተም ነበር። ሹሉ ወደ ግርጌ ስላየ ብቻ ተረተር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን አላነበብኩም።

ስለዚህ እቤት ይህን ሥሩ። በከተማው ፊት ሦስት፣ በሱሉልታ በኩል ሦስት የሹል ሰልፎች ምረጡ። በየአንዳንዱ ላይ የ3ኛውን ደረጃ ቀስት ሳሉ። ሸለቆዎቹን ሹሉን ከሹሉ እያገናኛችሁ በሰማያዊ እርሳስ አስምሩ። ተረተሮቹን በቀይ አስምሩ።

ትክክል መሥራታችሁን የምታውቁት በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በካርታው ላይ የታተሙት ወንዞች በሰማያዊ መስመራችሁ ላይ መዋል አለባቸው። ቀይ መስመር ላይ ወንዝ ከተኛ ገልብጣችሁታል። ሁለተኛ፣ ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ወደ ታች ሲወርዱ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቀይ አለ። ሦስተኛ፣ ቀዮቹን ወደ ላይ ብትከተሏቸው ከዋናው የእንጦጦ ጀርባ ጋር ይያያዛሉ። ይህ ዋናው ቀይ መስመር ውኃ የሚለይበት ነው። ከሱ በስተደቡብ የወረደ ዝናብ ወደ አቃቂ ሄዶ አዋሽ ይገባል። በስተሰሜን የወረደው በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሰማያዊ መስመራችሁ ይህን ቀይ አቋርጦ ካለፈ አንድ ቦታ ስህተት አለ።

5. የቀሩትን ቅርጾች እወቁ

እነዚህ ብዙም አያስቸግሩም። ዙሪያውን የተዘጋ ትንሽ ክብ ጉብታ ወይም ጫፍ ነው። የጫፉ ከፍታ ካልተጻፈ ከመጨረሻው መስመር በላይ ሆኖ ከ20 ሜትር በታች ይጨምራል ማለት ነው። ክቡ ወደ ውስጥ ያዩ ጭረቶች ካሉበት ጉድጓድ ነው። ሁለት ክቦች ጎን ለጎን ቆመው በመካከላቸው ባዶ ቦታ ካለ ያ የፈረስ ኮርቻ የመሰለ ዝቅታ ነው፤ የእግር መንገድ ተራራውን የሚሻገረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

6. የተዳፋቱን መጠን አስሉ

ተዳፋት ማለት የወጣችሁት ቁመት በአግድም ለሄዳችሁት ርቀት ሲካፈል ነው። በ100 ስታባዙት ፐርሰንት ይሆናል።

```
ተዳፋት (%) = የከፍታ ልዩነት ÷ አግድም ርቀት × 100
```

በተግባር እንሥራው። በከተማው ፊት ላይ፣ በአንድ ተረተር ላይ ሁለት ነጥቦች መረጥን እንበል። ታችኛው በ2700 መስመር ላይ ነው፤ ላይኛው በ2900 መስመር ላይ ነው።

ቁራጭ ወረቀቱን ውሰዱ። ጠርዙ በሁለቱም ነጥቦች ላይ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ካርታው ላይ አስተኙት። ወረቀቱ ኮንቱሮቹን በተቻለ መጠን በቀጥታ የሚቆርጥ ይሁን፤ አግድም ከቆረጣችሁ የምትለኩት የተራራውን ተዳፋት አይደለም። አሁን በጣታችሁ ወረቀቱን ጫን አድርጋችሁ እያንዳንዱ ኮንቱር ጠርዙን በሚነካበት ቦታ በሹል እርሳስ ትንሽ ጭረት አድርጉ። ወፍራሞቹ ጋ ስትደርሱ ቁጥሩን ጻፉ። ሲያልቅ 11 ጭረት፣ 10 ክፍተት ይኖራችኋል። ወረቀቱን አንስታችሁ ማስመሪያው አጠገብ አስተኙት። ከካርታው ላይ በቀጥታ ከመለካት ይህ ይሻላል። ዓይናችሁ ከደን ቀለም፣ ከመንገድና ከቤት ምልክት ጋር አይታገልም።

ከመጀመሪያው ጭረት እስከ መጨረሻው 25 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። 25 በ50 ሲባዛ 1,250 ሜትር ነው። የከፍታው ልዩነት 200 ሜትር ነው። 200 ለ1,250 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 16 ፐርሰንት ይመጣል።

እዚህ ላይ አትቁሙ። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው፤ ከዚያም ዳገቱ መካከል ላይ ሲደርስ ካርታው የዋሸው ይመስለዋል። 16 ፐርሰንት አማካይ ነው። ወረቀቱን መልሳችሁ እዩት። ጭረቶቹ እኩል አልተራራቁም።

ከ2700 እስከ 2780 ያሉት አራት ክፍተቶች 15 ሚሊ ሜትር ይዘዋል። ይህ 750 ሜትር ነው፤ ተዳፋቱ ወደ 11 ፐርሰንት ይሆናል። እያወራችሁ የምትወጡት ነው። ከ2780 እስከ 2860 ያሉት አራት ክፍተቶች ግን ተጨናንቀው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው። ይህ 200 ሜትር ነው። 80 ለ200፣ 40 ፐርሰንት። እዚህ ላይ ወሬ ይቆማል፤ መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ እግር ይንሸራተታል። ከ2860 እስከ 2900 ያሉት የመጨረሻ ሁለት ክፍተቶች 6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 300 ሜትር ናቸው። ወደ 13 ፐርሰንት ተመልሶ ይለዝባል።

አንዱ ዳገት ሦስት ባሕርይ አለው። መንገዳችሁን የሚወስነው የመካከለኛው 200 ሜትር ነው። በአማካዩ ውስጥ ግን ተደብቋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጭረቶቹ የተጠጋጉበትን ቦታ ለብቻው አስሉ።

*አቋራጭ ስሌት።* ካርታው 1፡50,000 ከሆነና ክፍተቱ 20 ሜትር ከሆነ 40ን በሁለት መስመሮች መካከል ላለው ሚሊ ሜትር ማካፈል በቂ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ 10 ፐርሰንት፣ 2 ከሆነ 20፣ 1 ከሆነ 40፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ 80 ፐርሰንት ይሆናል። ለሌላ ስኬል ወይም ለሌላ ክፍተት ይህ 40 አይሠራም።

ዲግሪ የሚፈልግ ሰው ፐርሰንቱን በ0.57 ያባዛ። እስከ 40 ፐርሰንት ድረስ በጣም የተቀራረበ መልስ ይሰጣል። 16 ፐርሰንት 9 ዲግሪ ገደማ፣ 40 ፐርሰንት 22 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ግን አትጠቀሙበት። 100 ፐርሰንት ማለት ቀጥ ያለ ገደል አይደለም፤ 45 ዲግሪ ነው።

7. የእግር መንገዱን ለብቻው ለኩት

እስካሁን ያሰላነው የተራራውን ተዳፋት ነው። መንገዱ ግን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይወጣም። እየተጠማዘዘ ከወጣ ክሩን ውሰዱ። ከታችኛው ነጥብ ጀምራችሁ ክሩን በመንገዱ ጥምዝ ሁሉ ላይ በጣታችሁ እየተጫናችሁ አስተኙት። የመጨረሻው ነጥብ ላይ ስትደርሱ በጥፍራችሁ ያዙትና ዘርግታችሁ ለኩት።

ያው 200 ሜትር ከፍታ ሆኖ ክሩ 50 ሚሊ ሜትር ቢመጣ መንገዱ 2,500 ሜትር ነው፤ ተዳፋቱም 8 ፐርሰንት ብቻ ነው። መንገዱ እጥፍ ሲረዝም ተዳፋቱ በግማሽ ቀነሰ። አህያ የጫኑ ሰዎች እየተጠማዘዙ የሚወጡት ለዚህ ነው። ካርታው ላይ የተሳለው መንገድ ኮንቱሮቹን ቀጥ አድርጎ እየቆረጠ ከሆነ ግን ዳገቱን እንዳለ ትቀበሉታላችሁ።

8. ቦታው ላይ ሄዳችሁ አረጋግጡ

ለዚህ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨትና ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ያሰላችሁት ተዳፋት ላይ ቁሙ። የእንጨቱን አንድ ጫፍ በዳገቱ በኩል መሬት አስነኩ፤ ሌላው ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ አየር ላይ ይሁን። ጠርሙሱን በእንጨቱ ላይ አጋድሙት። ውስጡ ያለው ውኃ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሲሆን እንጨቱ ልክ አግድም ሆኗል። አሁን አየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ድረስ ቀጥ ብሎ ያለውን ቁመት ለኩ። 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 40 ፐርሰንት ነው። ስሌት የለውም።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትለኩ። ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሊያሳስታችሁ ይችላል። አሥር አሥር እርምጃ እየተራመዳችሁ አምስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

*መስመሮቹ ስለተጠጋጉ ቦታው ከፍ ያለ ነው ማለት።* መጠጋጋት የሚነግረው ተዳፋቱን ነው። ከፍታውን የሚነግረው ቁጥሩ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ላይ መስመሮቹ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ከፍታው ግን ከአቃቂ በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል።

*ስልክ ላይ በማስመሪያ መለካት።* እንደ `OpenTopoMap` ያሉ ካርታዎችን ስታሰፉና ስታጠቡ ስኬሉ ይቀያየራል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ርቀቱን ስክሪኑ ጥግ ላይ ባለው የርቀት መለኪያ አመዛዝኑ፤ የከፍታውን ቁጥር በየጊዜው አንብቡ። ደግሞም የእነዚህ ካርታዎች ከፍታ ከሕዋ በራዳር የተለካ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ባለበት ራዳሩ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ዛፉንም ስለሚያይ የደኑ ዳር ላይ የሌለ ዳገት ሊታያችሁ ይችላል።

*የስልክን ነጥብ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ማስቀመጥ።* ስልካችሁ የሚጠቀመው `WGS84` የተባለውን የመለኪያ መነሻ ነው። ከታተሙት ካርታዎቻችን ብዙዎቹ ግን `Adindan` በሚባለው የተሠሩ ናቸው፤ ግርጌው ላይ ተጽፏል። በአዲስ አበባ አካባቢ በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ካርታው ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ተረተር ላይ ቆማችሁ ነጥቡ ጎረቤት ሸለቆ ውስጥ ሊያስገባችሁ ይችላል። የስልካችሁ መተግበሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ማስተካከያው ውስጥ `Adindan` የሚለውን ምረጡ።

ማስጠንቀቂያ

በሁለት ኮንቱሮች መካከል ያለውን ነገር ካርታው አያሳይም። 15 ሜትር የሆነ ገደል በ20 ሜትር ክፍተት ውስጥ ምንም ምልክት ሳይታይበት ሊያልፍ ይችላል። በከተማው ዳርቻ ይህ በተለይ የሚያሰጋው የድንጋይ ካባ ባለበት ነው። ካባው ካርታው ከታተመ በኋላ የተቆፈረ ከሆነ ለስላሳ ተዳፋት መስሎ የተሳለው ቦታ ዛሬ ቀጥ ያለ ግንብ ሊሆን ይችላል። ጭጋግ ካለ ወይም ሊመሽ ከሆነ በማታውቁት ቁልቁለት ካርታን ብቻ አምናችሁ አትውረዱ።

በክረምት ሰማያዊ ባሰመራችሁበት መስመር ላይ አትሂዱ። በበጋ ደረቅ የነበረው ቦረቦር እላይ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ሊሞላ ይችላል፤ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ፀሐይ ቢሆንም እንኳ። ቀዩን መስመር ያዙ።

ቦታ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎችም ይህን ካርታ ይዘው ይጠይቁኛል። 200 ካሬ የሆነ፣ 10 ሜትር በ20 ሜትር ቦታ በ1፡50,000 ካርታ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር በ0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከእርሳስ ጭረት ያንሳል። ካርታው ሰፈሩ በሸለቆ አፍ ላይ መሆኑን ወይም በተረተር ላይ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የግቢውን ተዳፋት ግን አይነግራችሁም። ለሱ ቀያሽ አምጥታችሁ በመሣሪያ አስለኩ፤ ለመጀመሪያ ግምት ያህል ግን አንድ ሜትሩ እንጨትና ጠርሙሱ ይበቃችኋል።